ስውር ሥርዓተ ትምህርት፦ የትምህርት ቤት የዕለት ልማዶች በኢትዮጵያ ያስተማሩት

መግቢያ

እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ሥርዓተ ትምህርት አለው። የመጀመሪያው በጽሑፍ የሰፈረው ነው። ይህኛው በመርሐ ትምህርቱ፣ በመማሪያ መጽሐፉና በመምህሩ የዕቅድ ደብተር ላይ ይገኛል፤ በየጊዜው ይሻሻላል፤ ተማሪውም ይፈተንበታል። ሁለተኛው በየትኛውም ሰነድ ላይ አይገኝም። ደወል ሲደወል፣ ሰልፍ ሲያዝ፣ ስም ሲጠራ፣ የውጤት ካርድ ሲታደል፣ ክፍል ሲጠረግ በየዕለቱ የሚሰጥ ትምህርት ነው። ተማሪው ይህን ትምህርት በደብተሩ አይጽፈውም፤ ለፈተናም አይቀመጥበትም። ይሁን እንጂ ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳያቋርጥ ስለሚማረው፣ የኬሚስትሪው ቀመርና የታሪኩ ዘመን ከተረሳ በኋላ እንኳ አብሮት ይኖራል።

የትምህርት ተመራማሪዎች ይህን ሁለተኛ ትምህርት «ስውር ሥርዓተ ትምህርት» ይሉታል። ስውር የተባለው ሰው ሆን ብሎ ስለ ደበቀው ሳይሆን ከመለመዱ የተነሣ ስለማይታይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ትምህርት በአገራችን ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያለፈባቸውን ሦስት ደረጃዎች፣ ማለት የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ቤት፣ የደወልና የክፍል ትምህርት ቤትን፣ በመጨረሻም የፕላዝማ ቴሌቪዥንን ዘመን መመልከት ነው። በሦስቱም ውስጥ የሚመረመረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የየዘመኑ የዕለት ልማድ ልጁን መቼ መናገር፣ ማንን መጠበቅና ራሱን ከማን ጋር ማመዛዘን እንዳለበት እንዴት አስተማረው የሚል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሐሳቡ አመጣጥ

ልጅ ከሚያጠናው ነገር ጎን ለጎን ሌላም ነገር እንደሚማር አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ዱዊ በ1938 በታተመው ልምድንና ትምህርትን በሚመለከተው መጽሐፉ አመልክቶ ነበር። በእርሱ አስተያየት ከጂኦግራፊው ወይም ከታሪኩ ትምህርት ጋር አብሮ የሚፈጠረው ዝንባሌ፣ በተለይም መማርን የመውደድ ወይም የመጥላት ስሜት፣ ከትምህርቱ ይዘት የበለጠ ክብደት ሊኖረው ይችላል። ነገሩ ስሙን ያገኘው ግን ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ፊሊፕ ጃክሰን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ ተቀምጦ የተመለከተውን በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ «ስውር ሥርዓተ ትምህርት» የሚለውን አነጋገር አስገባ።

ጃክሰን የተመለከተው ነገር ለማንኛውም መምህር እንግዳ አይደለም። የክፍል ሕይወት ከቤት ሕይወት የሚለየው በሦስት ነገሮች ነው ይላል፤ እነርሱም ብዛት፣ ምዘናና ሥልጣን ናቸው። ልጁ በክፍል ውስጥ ከብዙ ልጆች አንዱ ስለሆነ ተራውን መጠበቅ፣ ፍላጎቱን ማዘግየት፣ አንዳንዴም ጨርሶ መተው አለበት። የሚሠራው ሁሉ በሌሎች ፊት ይመዘናል። ጊዜውን የሚያዝበትም ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት የሚሳካለት ልጅ ንባብና ሒሳብ የሚችለው ብቻ አይደለም፤ መጠበቅን፣ መመዘንንና መታዘዝን የለመደውም ጭምር ነው።

የብዛቱን ነገር በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ስድሳ ተማሪዎች ያሉበት ክፍልና አርባ ደቂቃ የሚቆይ ክፍለ ጊዜ በምሳሌነት ቢወሰዱ፣ ለአንድ ስም ሦስት ሰከንድ ቢሰጥ ስም ጥሪው ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። መምህሩ ለገለጻና ለሰሌዳ ጽሑፍ 25 ደቂቃ ቢጠቀም፣ የሚቀረው 12 ደቂቃ ነው። ይህ ለስድሳው ተማሪ እኩል ቢታደል ለአንዱ የሚደርሰው 12 ሰከንድ ይሆናል። በተግባር ግን እኩል አይታደልም፤ ከፊት የሚቀመጡ ጥቂት ተማሪዎች አብዛኛውን ይወስዱታል። የቀሩት በየዕለቱ የሚማሩት ትምህርት ዝም ብሎ መቀመጥ የተማሪነት ዋና ሥራ መሆኑን ነው። መርሐ ትምህርቱ ይህን አላዘዘም፤ መምህሩም አልፈለገውም፤ የክፍሉ ስፋትና የሰዓቱ አከፋፈል ግን ያስተምረዋል።

2. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት

በኢትዮጵያ ከደወል በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የራሱ የዕለት ልማድ ነበረው፤ ዛሬም በየገዳማቱና በየአድባራቱ ይህ ልማድ ሕያው ነው። በንባብ ቤት ልጆቹ በየቦታቸው ሆነው እያንዳንዱ የደረሰበትን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። የበሰለው ለጀማሪው ያስቀጽላል፤ መምህሩ ደግሞ ተማሪውን አንድ በአንድ እየጠራ ያዳምጣል። ፊደልን ያልለየ ወደ ንባብ አይሻገርም፤ የለየ ግን ጓደኞቹን አይጠብቅም። ስለዚህ አንደኛ ክፍል ወይም ሁለተኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ዳዊትን የሚደግም የስምንት ዓመት ልጅና ፊደል የሚቆጥር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሊገኙ ይችላሉ። ልጁ ራሱን የሚያመዛዝነው ከጎረቤቱ ጋር ሳይሆን ገና ካልዘለቀው ገጽ ጋር ነው።

ከንባብ ቤት ወደ ቅኔ ቤት የሚሻገረው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ቀዬውን ለቆ ይሄዳል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ልመናው ረኀብን ለማስታገስ ብቻ የተደረገ አይደለም። የባለጸጋውም የድኃውም ልጅ በአንድ ደጃፍ ስለሚቆሙ፣ ትምህርት ከትውልድ ክብር ዝቅ ብሎ የሚጀመር ነገር መሆኑን ያስተምራል። ትሕትና በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ እንደ አንድ ምዕራፍ አልተሰጠም፤ በአኩፋዳው ውስጥ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲነሣ ማስታወስን ብቻ ያስተምራል የሚል ትችት በየጊዜው ይሰማል። የዕለት ልማዱን በየደረጃው ለተመለከተ ግን ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። በንባብ ቤት መደጋገምና በቃል መያዝ እንደሚበዛ እውነት ነው። በቅኔ ቤት ግን ተማሪው በየዕለቱ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ወደ ረዣዥሞቹ የቅኔ ዓይነቶች ይሻገራል። መምህሩ ያርማል፤ ጓደኞቹም ይሰማሉ። የሌላውን ቅኔ የራሱ አድርጎ ማቅረብ ነውር ነው። መምህሩ ያለውን ካዳረሰ በኋላ ተማሪው ሌላ የታወቀ መምህር ፍለጋ አገር አቋርጦ ቢሄድ እንደ ክዳት አይቆጠርበትም። በመሆኑም አንዱ ተቋም በአንዱ ደረጃ መቀበልን፣ በሌላው ደረጃ መፍጠርን አስተምሯል። ሁለቱንም ያስተማረው የሰነድ ትእዛዝ ሳይሆን ተማሪው ጠዋትና ማታ የሚሠራው ሥራ ነው።

የዚህ ልማድ ጉድለትም መጠቀስ አለበት። ቁራሽ ለመለመን አገር የሚያቋርጠው፣ በጎጆ የሚያድረውና በቅዳሴ የሚያገለግለው ወንድ ልጅ ነበር። በታሪክ የሚታወቁ ጥቂት ሊቃውንት ሴቶች ቢኖሩም፣ አኗኗሩ በራሱ ዕውቀት የወንድ ድርሻ ነው የሚለውን ትምህርት ያለ ቃል ያስተላልፍ ነበር።

3. ደወል፣ አለቃና ደረጃ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች እንዲሆኑ የተወሰነው የቤተ ክህነቱን ሥጋት ለማብረድ ነበር። ክርክሩ ያተኮረው በትምህርቱ ይዘት ላይ ነው፤ የውጭ ቋንቋዎች ይሰጡ ወይስ አይሰጡ፣ የሚያስተምሩት ሰዎች ሃይማኖታቸው ምንድን ነው የሚል ነበር። በ1925 የተፈሪ መኮንን፣ በ1931 ደግሞ ለሴቶች ልጆች የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተከተሉ። ከ1941 ነፃነት በኋላም ትምህርት ቤቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ተስፋፉ። በይዘቱ ላይ ብዙ ሲከራከሩ የነበሩ ወገኖች በአንድ ነገር ላይ እምብዛም አልተከራከሩም፤ እርሱም አዲሱ ትምህርት ቤት ይዞት የመጣው የቀን አከፋፈልና የክፍል አደረጃጀት ነው። ልጆች በክፍል ተደለደሉ፤ ቀኑ በደወል ተከፈለ፤ ያለፈና የወደቀ በዓመት መጨረሻ ተለየ። ከንባብ ቤቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቁ ለውጥ ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ደወል የሚያስተምረው ሰዓት ማክበርን ብቻ አይደለም። አንድ ተማሪ የሒሳብ ጥያቄ ሊፈታ ሲል ደወሉ ቢደወል ደብተሩን ዘግቶ የጂኦግራፊውን ያወጣል። ይህ በየቀኑ ስድስትና ሰባት ጊዜ፣ በዓመት ከሺህ ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ስለዚህ ሥራ የሚጀመረውና የሚቆመው በሥራው ፍጻሜ ሳይሆን በውጭ ትእዛዝ መሆኑን ልጁ ይለምዳል። ለቢሮና ለፋብሪካ ይህ ልማድ ይጠቅማል፤ ችግርን እስከ መጨረሻው ለመከታተል ግን አያለማምድም።

መምህሩ በሌለበት ጊዜ የሚከናወነው ልማድም የራሱ ትምህርት አለው። የክፍል አለቃው ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ፊት ይቆምና «የሚረብሹ» በሚል ርእስ ሥር ስም ይጽፋል። ያወራ አንድ ጊዜ፣ የደጋገመ በስሙ ጎን ምልክት ይጨመርበታል። መምህሩ ሲመጣ ስማቸው የተገኘው ተንበርክከው ወይም ተገርፈው ይቀጣሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ተከሳሹ የሚናገርበት ጊዜ የለም፤ ማስረጃ አይጠየቅም፤ አለቃው የጓደኛውን ስም ቢያጠፋና የተጣላውን ቢጽፍ የሚመረምረው አይገኝም። ማንም እንዲህ ይማሩ ብሎ ባያዝም፣ ተማሪዎቹ ስለ ሥልጣን የሚያውቁት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሆናል፤ ሥልጣን ማለት የሰው ስም መጻፍና መደምሰስ መቻል ነው የሚል ትምህርት ነው። በሌላ በኩል ሥርዓቱን ለመለወጥ ብዙ ነገር አያስፈልግም። አለቃነቱ በሳምንት በሳምንት ቢዘዋወር፣ ስሙ የተጻፈውም ከቅጣት በፊት ቢጠየቅ፣ ያው ጠመኔ ሌላ ትምህርት ይሰጣል።

በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ የሚታደለው የውጤት ካርድ ከነዚህ ሁሉ የበለጠ ክብደት አለው። በካርዱ ላይ ከአማካይ ውጤት ሥር የተማሪው ደረጃ ይጻፋል። ወላጅም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብሎ ነው። ይህ ቁጥር ምን እንደሚያስተምር ለማየት አራት ተማሪዎችን በምሳሌነት መውሰድ ይበቃል። በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት አማካይ ውጤታቸው 70፣ 63፣ 55 እና 48 ነበር እንበል። መምህሩ ጠንክሮ ሠርቶ፣ ተማሪዎቹም ተግተው፣ በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሁሉም አሥር አሥር ነጥብ ጨመሩ፤ 80፣ 73፣ 65 እና 58 ሆኑ። ከማለፊያ በታች የነበረው ተማሪ አሁን አልፏል። ካርዱ ላይ ግን አራተኛ የነበረው አሁንም አራተኛ ነው። የወሰነ ትምህርቱ ድካም በደረጃው ዓምድ ውስጥ አልታየም። ከዚህም በላይ ሁለተኛው ተማሪ ለሦስተኛው ቢያስረዳው፣ ሦስተኛው ሊቀድመው ይችላል። ስለዚህ ዕውቀትን ማካፈል ኪሳራ መሆኑን ካርዱ ያስተምራል፤ የሥነ ምግባሩ መጽሐፍ ግን በዚያው ሳምንት መረዳዳትን ያስተምር ይሆናል።

ነገር ግን ያው ልማድ በሌላ ዘመን ሌላ ትምህርት መስጠቱን መዘንጋት አይገባም። የመሬት ባለቤትነትና የዘር ሐረግ የሰውን ቦታ በሚወስኑበት ጊዜ፣ የጭሰኛው ልጅ ከባላባቱ ልጅ በላይ ስሙ በሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ማየቱ ትልቅ ነገር ነበር። ደረጃው የአባት ስም የማያውቅ ዳኛ መስሎ ታየው። አንድ ልማድ በአንድ ጊዜ እኩልነትንና ምቀኝነትን ሊያስተምር መቻሉ፣ ስውር ሥርዓተ ትምህርትን በጥቅሉ መጥፎ ወይም ጥሩ ብሎ መፈረጅ የማይቻልበትን ምክንያት ያሳያል።

4. የፕላዝማው ክፍለ ጊዜ

በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋን ማፍራትን ዓላማው አደረገ። ተማሪው ዋና ተሳታፊ የሚሆንበት የማስተማር ዘዴና ተከታታይ ምዘና በየሥልጠናው ተሰበከ። የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት በአሥራ አንድ እሴቶች ላይ ተዋቀረ፤ ከነዚህም መካከል ዴሞክራሲ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ኃላፊነት፣ ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎና ዕውቀትን መሻት ይገኛሉ። የተጻፈው ሥርዓተ ትምህርት ተማሪው እንዲጠይቅ፣ እንዲከራከርና እንዲሳተፍ በግልጽ ይፈልግ ነበር።

ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። በየመማሪያ ክፍሉ ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተተከሉ፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ እንግሊዝኛና ሌሎችም ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከአንድ ማዕከል ይተላለፉ ጀመር። የሥነ ዜጋ ትምህርትም ከነዚሁ አንዱ ነበር። የታሰበው በጎ ነገር ነው። በየገጠሩ የሠለጠነ መምህር እጥረት ነበር፤ ቤተ ሙከራ ያልነበረው ትምህርት ቤት ተማሪ ቢያንስ ሙከራውን በምስል እንዲያይ፣ የጎንደሩም የጂንካውም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኝ ታስቦ ነበር።

ይሁን እንጂ የዕለት ልማዱ ተለወጠ። የስርጭቱ ክፍል ከክፍለ ጊዜው ወደ ሠላሳ ደቂቃ የሚጠጋውን ወሰደ፤ ለመምህሩ ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ቀሩት። ከላይ የተጠቀሰው ስሌት እዚህ ቢደገም፣ ከአርባው ደቂቃ ስርጭቱና ስም ጥሪው ሲቀነሱ ለስድሳ ተማሪዎች ሰባት ደቂቃ ይተርፋል፤ ለአንድ ተማሪ ሰባት ሰከንድ ማለት ነው። ለገለጻም ቢሆን ሌላ ጊዜ የለም።

አንድ የሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ በዚህ ሁኔታ እንዴት እንደሚካሄድ መከታተል ጠቃሚ ነው። መምህሩ ይገባል፤ የዕለቱን ርእስ «ንቁ ተሳትፎ» ብሎ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ስም ይጠራል። በተወሰነው ደቂቃ ላይ ስርጭቱ ይጀምራል። አቅራቢው ስለ ዜጎች ተሳትፎ በፍጥነት በእንግሊዝኛ ይናገራል። ከዚያም ጥያቄ ያቀርባል፤ በቡድን እንዲወያዩበትም ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ስድሳው ተማሪ ወንበሩን አዙሮ፣ ጥያቄውን በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ተረዳድቶ ሳይጨርስ ጊዜው ያበቃል። አቅራቢው መልሱን ይናገርና ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ ያልገባት ነገር ካለ እጇን ብታወጣ፣ ቴሌቪዥኑ አያያትም። መምህሩ ቢያያትም እየተናገረ ያለውን ማቋረጥ አይችልም፤ ቢያስረዳት ቀጣዩ ያመልጣታል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ እጇን ማውጣት ትተዋለች። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ሥርጭቱ ለመላው አገር ስለሚቀጥል፣ በዚያ ክፍል ያለፈው ትምህርት አለፈ ማለት ነው።

ይህ ተማሪ ከክፍለ ጊዜው ሁለት ትምህርት ይዛ ወጥታለች። ደብተሯ ላይ የተሳትፎ ትርጉም ተጽፏል፤ ፈተና ቢመጣ ትመልሰዋለች። በልማዷ ውስጥ ደግሞ ዕውቀት ከሩቅ የሚመጣና የማይጠየቅ ነገር መሆኑ፣ ያልገባት መሆኑም የራሷ ጥፋት መሆኑ ሰፍሯል። መምህሩም በበኩሉ ትምህርት ወስዷል። ቴሌቪዥኑን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው መሆኑን፣ የእርሱ ዝግጅት እምብዛም እንደማይፈለግ ልማዱ ነግሮታል። በኋላ ዓመታት በብዙ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማው አጠቃቀም እየቀነሰ ሲሄድ ቴሌቪዥኑን መዝጋት ቀላል ነበር። የጠፋውን የመምህር ልበ ሙሉነትና የተማሪ ጥያቄ መመለስ ግን ያን ያህል ቀላል አይደለም።

ከፕላዝማው ታሪክ ዕቅድ አውጪዎች የሚወስዱት ነጥብ ቴሌቪዥን በባሕርዩ ይጎዳል የሚል አይደለም። ያው ፊልም መምህሩ በፈለገበት ቦታ የሚያስቆመውና የሚደግመው ቢሆን ኖሮ፣ ልማዱ ሌላ ይሆን ነበር። ጉዳቱን ያመጣው ሰዓቱ ከማዕከል መቆለፉና የመልስ መንገድ አለመኖሩ ነው።

5. ስውሩን እንዴት ማየት ይቻላል?

አንድ መምህር ወይም የትምህርት ባለሙያ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለውን ስውር ሥርዓተ ትምህርት ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። የመጀመሪያው መንገድ የተማሪዎቹን መቀመጫ ንድፍ በወረቀት ላይ ሥሎ፣ ለአንድ ሳምንት በእያንዳንዱ ወንበር ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ተማሪው ሲመልስ አንድ ዓይነት፣ ሲጠይቅ ሌላ ዓይነት ምልክት ይደረጋል። ብዙውን ጊዜ ምልክቱ ከፊትና ከመካከል ተከማችቶ፣ የጥያቄው ምልክት ደግሞ እጅግ ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ሴቶችና ወንዶች ለየብቻ ቢቆጠሩ ሌላም ነገር ይገለጣል። በተረኝነት መዝገቡም ላይ ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። የመማሪያ መጽሐፉ የጾታ እኩልነትን ሲያስተምር፣ መጥረጊያና ባልዲ የሚይዙት ሴቶች፣ ወንበር የሚያነሡና ደወል የሚደውሉት ወንዶች ከሆኑ፣ የትኛው ትምህርት እንደሚበረታ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሰዓት ነው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው በ1974 ባሳተመችው ጥናት መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች። ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያም በላይ ሲራዘም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። አንድ ሰከንድ የሚጠብቅ ክፍል ፈጣኑ ብቻ እንዲናገር ያስተምራል። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅ ደግሞ ያቺ ሰከንድ ጥያቄውን ለመረዳት እንኳ አትበቃም።

ሦስተኛው መንገድ ተማሪዎቹን ስም ሳይጽፉ «ጎበዝ ተማሪ ማለት ምን ዓይነት ተማሪ ነው?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲመልሱ ማድረግ ነው። «የማይረብሽ»፣ «ዝም ብሎ የሚያዳምጥ»፣ «አንደኛ የሚወጣ» የሚሉ መልሶች «የሚጠይቅ» እና «ጓደኛውን የሚያስረዳ» ከሚሉት በእጅጉ ከበዙ፣ የትምህርት ቤቱ ስውር ሥርዓተ ትምህርት በተማሪዎቹ እጅ ተጽፎ ቀርቧል ማለት ነው።

በዚህ ዓይነት ምልከታ ሦስት ስሕተቶች ይዘወተራሉ። አንደኛው የአንድ ቀን ጉብኝትን እንደ ማስረጃ መውሰድ ነው፤ ተመልካች በገባ ዕለት ክፍሉ የእንግዳ ቀን ልማዱን ያሳያል። ሁለተኛው ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ላይ መጣል ነው፤ ስድሳ ተማሪና አርባ ደቂቃ የተሰጠውን ሰው ሁሉንም አላናገርህም ብሎ መውቀስ የሰዓት ድልድሉን ስሕተት መደበቅ ይሆናል። ሦስተኛው ልጆች ልማዱ የሰጣቸውን ሁሉ እንዳለ ይቀበላሉ ብሎ ማሰብ ነው። እንግሊዛዊው ፖል ዊሊስ በ1977 ባሳተመው ጥናት የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች የሆኑ ወጣቶች የትምህርት ቤቱን ሥርዓት እያፌዙበት እንደሚኖሩ አሳይቷል። አሳዛኙ ነገር በዚሁ እምቢታቸው ምክንያት ወደ ወላጆቻቸው የጉልበት ሥራ በገዛ እግራቸው መግባታቸው ነው። በመሆኑም ተማሪው ከልማዱ ጋር ሊታገል ይችላል፤ ትግሉም ቢሆን ራሱ አንድ ነገር ያስተምረዋል።

መደምደሚያ

ንባብ ቤቱ ልጁን በራሱ እርምጃ እንዲሄድ፣ ቅኔ ቤቱ የራሱን እንዲፈጥር ያስተማሩት በልማዳቸው ነው። የደወሉ ትምህርት ቤት ሰዓትን፣ ተራን፣ እንዲሁም በዘር ያልተወሰነ ደረጃን አስተማረ፤ ከዚያ ጋርም ዝምታንና ጓደኛን እንደ ተቀናቃኝ ማየትን ጨመረ። የፕላዝማው ክፍል ተሳትፎን በቃል እያስተማረ ዝምታን በተግባር አጸና። በሦስቱም ዘመናት በተጻፈውና በተለመደው መካከል ልዩነት ሲፈጠር በልጁ ላይ የጸናው የተለመደው ነው።

ስለዚህ አንድ አዲስ መርሐ ትምህርት ለትምህርት ቤቶች ከመላኩ በፊት፣ በይዘቱ ዝርዝር ጎን አንድ ተጨማሪ ዓምድ ሊኖረው ይገባል። በዚያ ዓምድ ውስጥ ለእያንዳንዱ እሴት፣ ተማሪው ያንን እሴት የሚለማመድበት የዕለት ልማድ የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃም እንደተመደበለት ይጻፍ። «ንቁ ተሳትፎ» በሚለው ረድፍ ላይ ዓምዱ ባዶ ሆኖ ከቀረ፣ ክፍሉ ያንን ባዶ ቦታ በራሱ ልማድ ይሞላዋል። ምን እንደሚሞላበትም ከኋላ የተቀመጠችው፣ እጇን ማውጣት የተወችው ተማሪ ታውቀዋለች።